ጁስ መፍጫው የመረጠው ዘፈን

ኸድር ስለ ራሱ ሲያወራ የሚደጋግማት አንዲት ነገር ነበረችው፦ «እጄ ያረጃል፣ ጉልበቴ ያረጃል፣ ጆሮዬ ግን አያረጅም።» ይህን የሚለው ለደንበኛ ነው እንጂ ሚስቱ ነዒማ ባለችበት አይሞክረውም። አንድ ቀን ሞክሮት «ጆሮህማ በምን ያረጃል? መቼ ሠርቶ ያውቃል? ስጠራህ ሰምተህ ታውቃለህ?» ብላ በሰው ፊት አሳፍራዋለች።

ጁስ ቤቱ መቐለ፣ እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው በር ወጥቶ ቁልቁል ለሚወርድ በስተግራ ይገኛል። ስሙን «ሐይቅ ጁስ» ያለው ለተወለደባት ለወሎዋ ሐይቅ ብሎ ነው። ተማሪዎቹ ግን «ሐይቅ የተባለው ውሃ ስለሚበዛበት ነው» እያሉ ይሳለቁበታል። እሱም ይስቃል፤ ስቆ ሲያበቃ ግን ለቀጣዩ ደንበኛ አንድ ማንኪያ አቮካዶ ይጨምራል።

መቐለ ሲገባ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ንብረቱም አንድ ካርቶን ካሴት ነበር። ካሴት ሞተ፤ ኸድር ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን መሙላት ጀመረ። ያኔ ሰው መጥቶ «አራት ጊጋ ሙላልኝ» ይለዋል እንጂ የዘፈን ስም አይጠራም። ኸድር አረማመዱን፣ ጫማውንና ዕድሜውን አይቶ ይሞላለታል። ሰውየው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ «እንዴት አወቅህ?» ሲለው የሚሰማውን ኩራት ደሞዝ አይገዛውም። ያም ሥራ ሲሞት ጁስ ቤት ከፈተ፤ ጆሮውን ግን ይዞት ገባ። ስልክና ኢንተርኔት በጠፉባቸው በእነዚያ ክፉ ዓመታት እንኳ መብራት በመጣ ቁጥር ያቺን አሮጌ ፍላሽ ይሰካና ለጎረቤቱ ሁሉ ያሰማ ነበር። አራት ሺህ ዘፈን ነበረባት፤ የራያ፣ የወሎ፣ የተንቤን፣ የሱዳን፣ መንዙማ፣ ክራር፣ ምን የሌለባት!

ኔትወርኩ ሲመለስ ግን ኸድርም እንደ ሰው ሰለጠነ። አንድ ደንበኛ የሙዚቃ አፕ ስልኩ ላይ ጫነለትና «ጋሼ፣ አንዴ ከከፈቱት በቃ፣ ራሱ እያወቀ ያጫውታል» አለው። ኸድር የሰማው «ራሱ እያወቀ» የምትለዋን ብቻ ነው። እሱን የመሰለ አዋቂ አገኘና ደስ አለው። ፍላሿ መሳቢያ ውስጥ ከሎሚ መጭመቂያው ጎን ተጣለች።

ታሪኩ የሚጀምረው መምህር ገብረሕይወት በቀሩበት ሳምንት ነው።

መምህር ገብረሕይወት አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ጋር እየመጡ መስኮቱ ሥር ይቀመጡ ነበር። ወይዘሮ ለተብርሃን ገና ከበሩ ሁለት ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ሁለት ፓፓያ ማለት ነው። ኸድርም አንዲት ቃል የሌላት የክራር ዜማ ይከፍታል። ሴትየዋ በቀለበታቸው ብርጭቆውን ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ይከተሏታል። መምህር ዝም ብለው ይጠጣሉ።

ወይዘሮ ለተብርሃን ካረፉ ዓመት አለፋቸው። መምህር ከሐዘኑ በኋላ ብቻቸውን መምጣት ጀመሩ። ኸድር በዚህ ጊዜ ራሱን እንደ ትልቅ ሰው አየው፤ ያዘነ ሰው ማዘዝ አይገባውም ብሎ ገና በበሩ ሲታዩት «እንደተለመደው፣ መምህር!» ይልና ፓፓያውን ከመቀመጣቸው በፊት ጠረጴዛው ላይ ያደርሳል። ብርጭቆው ሁልጊዜ ባዶውን፣ ተልሶ የታጠበ መስሎ ነበር የሚመለሰው። ኸድርም ባዶውን ብርጭቆ እያየ «ደንበኛን ማወቅ እንዲህ ነው» ይላል ለራሱ።

አሁን ግን ዘጠኝ ቀን ቀርተዋል። ኸድር መጀመሪያ ታመዋል ብሎ ሰጋ። በዐሥረኛው ቀን ጎረቤቱ ስብሓት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው፣ አንድ ደስ የማይል ወሬ ይዞለት መጣ።

«መምህርህን አየኋቸው እኮ» አለ።

«የት? ደህና ናቸው?»

«በጣም ደህና ናቸው። ወደ ዓይናለም በሚወስደው መንገድ አዲስ ጁስ ቤት ተከፍቷል አይደል? እዚያ ተቀምጠው።»

ኸድር የያዘውን ማንጎ አስቀመጠ። «ጁስ ቤት? ሌላ ጁስ ቤት?»

«ብርጭቆው ውስጥ ቢጫ ነገር ነበር። ብቻቸውን፣ ሰላም ብለው ተቀምጠዋል።»

«ሙዚቃውስ? ምን ይከፍታሉ እዚያ?»

«ሙዚቃ የለም» አለ ስብሓት። «ጸጥ ያለ ቤት ነው።»

ይህቺ ቃል ኸድርን ወጋችው። የሌላ ሰው ሙዚቃ ቢበልጠው ይሻለው ነበር፤ የተበለጠው ግን በጸጥታ ነው። ስብሓት ደግሞ የወሬውን ጅራት ሳይጨርስ አይሄድም። «ኸድር ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ እንጂ፣ ያንተ ቤት ሰሞኑን አንድ ዘፈን ብቻ ነው የሚመስለኝ። ድም ድም ድም ድም። ትናንት ወረቀት ስቆጥር ከከበሮው ጋር እየቆጠርኩ ሁለት መቶውን ሦስት መቶ አደረግሁት።»

ኸድር ያን ማታ ቤቱ ገብቶ ስልኩን አወጣና የአፑን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ አነበበው። «ለኸድር የተዘጋጀ» ይላል። ከፈተው። የመጀመሪያው ድም ድም። ሁለተኛው ድም ድም። ሦስተኛው ዘፋኙ ተለውጧል፣ ድም ድሙ አልተለወጠም። «የኸድር የሳምንቱ ግኝት» የሚል ሌላ ዝርዝር አለ፤ የተገኘው ያው ነው። የክራሯን ዜማ ፈለጋት፤ ለእሱ ከተዘጋጀው ሁሉ ውስጥ ዘሯ የለም።

«ይሄ እኔ አይደለሁም!» አለ ጮክ ብሎ።

ነዒማ ልብስ እያጠፈች «ማን ነው ታዲያ?» አለችው።

«አላውቅም። አንድ እብድ ነው። እብድ ስልኬ ውስጥ ገብቷል።»

ልጃቸው ጁዋይሪያ ከክፍሏ ወጣች። እዚያው እንዳ ኢየሱስ ግቢ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማር፣ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ዓይነት። አባቷ ስልኩን እንደ ተበላሸ ጫማ ጥሎላት ስለ መምህር ነገራት። የደበቃትም ነገር የለም፦ «ሰውዬውን በዚህ ከበሮ አባረርኳቸው፣ ጁዋ። የሚስታቸውን ዜማ ሊሰሙ የሚመጡትን ሰው። እኒህ ሰው ካልተመለሱ ይሄ ጆሮ ለምን ይጠቅመኛል? ቆርጬ ለድመት ብሰጠው ይሻላል።»

ጁዋይሪያ ዝርዝሩን ወደ ታች እየሳበች ፈገግ አለች። «አባዬ፣ አፑ ጆሮህን አያየውም። ጣትህን ነው የሚቆጥረው።»

«የምን ጣት?»

«አንድ ዘፈን ተጀምሮ ብዙ ሳይቆይ ካለፍከው 'አልወደደውም' ይላል። እስከ መጨረሻው ከሄደ 'ተስማማው' ይላል። ከደገምከው ወይም አስቀምጠኝ ካልከው ደግሞ በጣም ወደደው ማለት ነው። ለየትኛው ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ ኩባንያዎቹ አይናገሩም፤ አንድ ጊዜ ማለፍም ብዙ ለውጥ አያመጣም። በሺህ ጊዜ ግን ጸባይህ ይወጣል። ከዚያ እንዳንተ የሚያልፉና እንዳንተ የሚጨርሱ ሰዎችን ይፈልጋል። እነሱ ሰምተውት አንተ ያልሰማኸውን ያመጣልሃል። የዘፈኑን የራሱንም ጸባይ ያያል፤ ፍጥነቱን፣ ጩኸቱን።»

«እኔን የሚመስሉት እነማን ናቸው?»

ጁዋይሪያ የዝርዝሮቹን ስም አየት አደረገች። «ይሄ 'ለብረት ማንሻ' ይላል። ይሄም 'የጂም ጉልበት' ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ደረታቸውን የሚያሳብጡ ልጆች ናቸው መሰለኝ ያንተ ጎረቤቶች።»

ኸድር ወደ ሆዱ ተመለከተ። ነዒማ የምታጥፈውን አንሶላ ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«ግን እኔ ክራሩን አልጠላሁም» አለ። «ወላሂ አንድም ቀን ጠልቼው አላውቅም። ለምን ጠላው ይለኛል?»

«እሱን ነው እንግዲህ ማየት ያለብን። ነገ መጥቼ እቀመጣለሁ።»

በማግስቱ ጁዋይሪያ ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ ይዛ ደብተሯን ዘረጋች። ኸድር መጀመሪያ ላይ ትከሻውን ወደ ኋላ ብሎ፣ ፎቶ የሚነሳ ሰው መስሎ ነበር የሚሠራው። ሰባት ተማሪዎች ባንድ ጊዜ ሲገቡ ግን ልጁ መኖሯን ረሳ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ጠራችውና ደብተሩን አሳየችው። በሁለት ረድፍ ጭረት ሞልቶበታል።

«መፍጫውን ሠላሳ አንድ ጊዜ አስነስተሃል» አለች። «ዘፈን ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አልፈሃል።»

«እኔ? አልነካሁትም!»

«አባዬ፣ ቀኝ እጅህ መፍጫውን ሲጫን ግራ እጅህ ስልኩን ይጫናል። ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ ሰባቱ መፍጫው እየጮኸ ነው።»

ኸድር ግራ እጁን አየው። የሌላ ሰው እጅ መሰለው። ቀጥሎም ገባው፤ ሲገባውም ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኸድር ጥሩ ዘፈን በመፍጫ ድምፅ ሲታፈን አንጀቱ አይችልም። ክራሯ ገና ክር ክር ስትል መፍጫው «እርርር» ብሎ ሲውጣት፣ ሰው ፊት የተሰደበች ይመስለዋል። ስለዚህ ለክብሯ ብሎ ያልፋታል፤ በኋላ በጸጥታ እሰማታለሁ እያለ። በኋላ የሚባለው ሰዓት አይመጣም፤ ሌላ ተማሪ ሌላ አቮካዶ ይፈልጋል። ከበሮ ያለው ዘፈን ግን መፍጫውን ተጋፍቶ ይሰማል፤ ስለዚህ አይነካውም። እጁ በአቮካዶ የተለቀለቀ እንደሆነማ የመጣው ሁሉ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ሙሉ ከሁሉ የሚወደውን ቀድሞ ሲያባርር፣ የማይሰማውን ደግሞ እስኪያልቅ ሲያስተናግድ ኖሯል።

«ስለዚህ ይሄ ዝርዝር ያንተ አይደለም» አለች ጁዋይሪያ። «የመፍጫው ነው። መፍጫው የሚስማማውን መርጧል።»

«'ለኸድር የተዘጋጀ' ይላል እኮ!»

«ከዚያም ይዞርብሃል። እሱ ያቀርባል፤ አንተ እጅህ አቮካዶ ነው፤ ዘፈኑ ያልቃል፤ 'አያችሁ፣ ወደደው' ይልና ነገ ወንድሙን ይዞ ይመጣል። የራሱን ምክር የራስህ ምርጫ ነው ብሎ ይመዘግበዋል።»

ኸድር መፍጫውን በጎሪጥ አየው። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባላል፤ እዚህ ቤት ጦጣዋ ማን እንደሆነች ግን ለጊዜው አልተለየም።

አዋቂ ሰው ምክር ሰምቶ አይጨርስም። ጁዋይሪያ «ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን» ብላ ወደ ክፍል እንደሄደች ኸድር በራሱ መንገድ ሊያስተካክለው ተነሳ። ክራር እንደሚወድ አፑ ካላወቀ ይነገረው! ስልኩን ቤት ትቶ፣ ድምፁን ጭጭ አድርጎ፣ ያቺኑ አንዲት ዜማ ትደጋገም ብሎ አልጋ ሥር አስቀመጠው። ሦስት ቀን ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ክራሯ ለአልጋው እግር ስትጫወት ዋለች።

በአራተኛው ቀን ስልኩን ጁስ ቤት ወስዶ ከፈተው። ክራር። ተከትሎ ሌላ ክራር። ከዚያ ክራር የሚመስል፣ ክራር ያልሆነ፣ ግን ከክራር የባሰ የሚያስለቅስ ነገር። ኸድር አሸነፍኩ ብሎ እጁን አፋተገ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቤቱ ውስጥ የሚያወራ ሰው ጠፋ። አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ አቮካዶው ፊት ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አንቀላፋ። ስብሓት ደግሞ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ፊቱን አጥቁሮ ገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኸድር ሓወይ፣ ማን ሞተ?» አለው።

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ማታ ለጁዋይሪያ ሲነግራት መሬት መሬቱን እያየ ነበር።

«አባዬ፣ ከአንድ ዙር ወጥተህ ሌላ ዙር ገባህ» አለችው። «አንድ ነገር ብቻ ብትሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቅህ። ያ ፍላሽህ ስንት ዓይነት ነበረበት?»

ኸድር በማግስቱ ፍላሿን ከሎሚ መጭመቂያው ጎን አወጣት። የሎሚ ሽታ ይዛለች።

ከዚያ በኋላ እሷ እንዳለችው ሆነ። መጀመሪያ ለጁስ ቤቱ ለብቻው ሌላ አካውንት አወጣችለትና አንድ አሮጌ ስልክ ላይ ጫነችው። «መፍጫው የራሱ አካውንት ይኑረው፤ ካንተ ጋር አይቀላቀል» አለች። ኸድርም ስሙን «መፍጫ» ብሎ አስመዘገበ። በራሱ ስልክ ላይ ደግሞ ከተሰሙት ዘፈኖች መዝገብ ውስጥ የሚሰረዘውን ሰረዙ፤ አንድ ዘፈን ሲያልቅ ራሱ ሌላ እያመጣ የሚቀጥለውን ነገር አጠፉ፤ ከበሮው ብቅ ሲል «ይሄን አልፈልግም» የሚለውን መንካት ለመደ። ዝም ብሎ ማለፍና አልፈልግም ማለት የተለያየ መሆኑን ኸድር ያኔ ነው የሰማው። «ሰውም እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለ፤ ያለውን ግን ልብ አላለውም።

ዋናው ሥራ ግን የእሱ ነበር። በየቀኑ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ከፍላሿ ላይ አንድ ስም መርጦ አፑ ያላቀረበለትን በስሙ ፈልጎ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ሰኞ የራያ፣ ማክሰኞ መንዙማ፣ ረቡዕ የሱዳን ዑድ። የወደደውን ያስቀምጣል፤ ያልወደደውን አልወደድኩም ይላል። ለካስ ተቀምጦ ሙዚቃ ከሰማ ዓመታት አልፈውታል! ጆሮዬ አያረጅም የሚለው ሰውዬ ሙዚቃ ያለ መፍጫ ምን እንደሚመስል ረስቶት ነበር። አንድ ጠዋት አንዲት የወሎ ዜማ አገኘችውና ሐይቅ ዳር ካሴት የሸጠላቸው ሴቶች ትዝ ብለውት እንባው መጣ፤ ነዒማ ስትገባ ሽንኩርት ነው አላት። ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም።

ከፍላሿ ዘፈኖች ግማሽ ያህሉ አፑ ላይ ጭራሽ የሉም። ኸድር በዚህ ተናደደ፤ ጁዋይሪያ ግን «የሌለውን ሊመክርህ አይችልም፣ ከፍላሿ ስማቸው» አለችው። ሦስት ሳምንት ሲሞላ «ለኸድር የተዘጋጀ» የሚለው ገጽ ቀስ በቀስ ሰው መሰለ። ከበሮው አልጠፋም፤ ግን ከጎኑ ማሲንቆ ተቀመጠ፤ አንድ ቀን ደግሞ ኸድር በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቅ የኤርትራ ክራር አመጣለት። ኸድር ሰምቶ ሲጨርስ «በል፣ ይሄንስ አውቀሃል» ብሎ ስልኩን አሞገሰው። የጁስ ቤቱንም ዝርዝር ራሱ በእጁ አሰናዳ፤ ተማሪ በሚበዛበት ሰዓት ከበሮ፣ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ጸጥ ያሉትን።

አሁን ፊቱን የሚያሳይበት ነገር አገኘ። ዓርብ ከስግደት መልስ መምህር ገብረሕይወት ቤት ሄደ። መምህር በሩን ሲከፍቱ ደነገጡ፤ ድንጋጤያቸውም የተያዘ ሰው ድንጋጤ ነበር።

«ኸድር! ከመይ ውዒልካ? ግባ፣ ግባ።»

«አልገባም፣ መምህር። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ጥፋቴን አውቄያለሁ። አስተካክዬዋለሁ።»

መምህር ኮታቸውን ቆለፉ። «አወቅኸው?»

«አወቅሁት። እንዴት አሥራ አንድ ዓመት የማውቃቸውን ሰው እንዲህ አደርጋለሁ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ነገ ይምጡልኝ። እንደ ድሮው አድርጌ ነው የምጠብቅዎት።»

«እንደ ድሮው…» አሉ መምህር። ቀጥሎ የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ይሉኝታ ያዛቸውና ዘጉት። «እሺ፣ እመጣለሁ» አሉ።

ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ሲሆን መምህር በሩ ላይ ታዩ። ኸድር ለሦስት ተማሪዎች ማንጎ እየፈጨ ነበር፤ መፍጫውን አጠፋው። «ጠብቁ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጁስ የለም» አላቸው። ተማሪዎቹ ተያዩ። ክራሯን ከፈተ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ዜማዋ ያለ አንዳች ጩኸት ጀምራ ወጣች። ኸድርም ለሦስት ሳምንት የተዘጋጀበትን ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከመቀመጣቸው በፊት ጠረጴዛው ላይ አደረሰ።

«እንደተለመደው፣ መምህር!»

መምህር ፓፓያውን አዩት። ተቀመጡ። ክራሯ መሀል ላይ እስክትደርስ እጃቸውን ወደ ብርጭቆው አልሰደዱም። ኸድር ዜማው ነክቷቸው ነው ብሎ ደረቱ ተነፋ።

«ኸድር ሓወይ» አሉ በመጨረሻ፣ «እስቲ ቁጭ በል። አወቅሁት ያልከኝ ምኑን ነው?»

«ሙዚቃውን ነዋ! ያን ከበሮ። ያባረረዎትን።»

መምህር ጆሯቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ሙዚቃውን? እኔ እኮ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይሄኛው ጆሮዬ ከብዷል። ከበሮውማ ደህና ይሰማኝ ነበር። አሁን የከፈትከው ምንድን ነው? ትንሽ ከፍ አድርገው።»

ጥግ ያለችው ጁዋይሪያ ደብተሯን አፏ ላይ አደረገች። ኸድር ተነስቶ ድምፁን ከፍ አደረገና ተመለሰ።

«ታዲያ ለምን ጠፉብኝ?»

መምህር ብርጭቆውን በአንድ ጣት ትንሽ ራቅ አደረጉት። «እኔ ፓፓያ አልወድም።»

«ምን?»

«ወድጄው አላውቅም። ለተብርሃን ነበረች የምትወደው። መጀመሪያ የመጣን ቀን ሁለት ብላ አዘዘች፤ ምን ልበላት? እሷ ስትደሰት ጠጣሁ፤ ለመድኩት። ከሄደች በኋላ አንተ ከመቀመጤ በፊት ታመጣልኛለህ። አክብረኸኛል፤ እንዴት መልሰው ልበልህ? በየቀኑ የእሷን ድርሻ ጠጣሁ። ዓመት ጠጣሁ። ብርጭቆው ፊቴ ሲቀመጥ እሷ ከጎኔ የሌለች መሆኗ ነው የሚታየኝ። አልቻልኩም፣ ሓወይ። በቃ አልቻልኩም።»

«ግን ይጨርሱት ነበር እኮ!» አለ ኸድር። «ብርጭቆው ባዶውን ነበር የሚመለሰው! እኔ…»

ጁዋይሪያ ስለ አፑ ያለችው ትዝ አለው። እስከ መጨረሻው ከሄደ «ተስማማው» ይላል። ነገ ወንድሙን ይዞ ይመጣል። ኸድር ቀና ሲል የጁዋይሪያን ዓይን አገኘው፤ እሷ አሁን አትስቅም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኩን ሲያርም ከረመ። ያ ስልክ እንኳ «አልፈልግም» የሚባልበት ቦታ አለው፤ ኸድር ለመምህር ያንንም አልተወላቸውም። ዓመት ሙሉ ያዘነን ሰው በደግነት ሲያሠቃይ መክረሙ አሳፈረው። ከልቡ አፈረ፤ ቀልድ ፈልጎ አጣ።

ፓፓያውን አነሳና ወስዶ አስቀመጠው። ተመልሶ መምህር ፊት ቆመ።

«ምን ልታዘዝ፣ መምህር?»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህቺን ጥያቄ ጠይቋቸው አያውቅም። 

«እዚያ ዓይናለም መንገድ ላይ ልጅቷ እንዲሁ ጠየቀችኝ» አሉ። «አፌ ተሳሰረ። ጎኔ የነበረው ሰው የሚጠጣውን አሳየኋት፤ አናናስ ኖሯል። እውነቱን ልንገርህ? የምወደውን አላውቀውም። አርባ ዓመት ሙሉ የምታዘው እሷ ነበረች።»

ኸድር አንድ ሰሃን ላይ ትንንሽ ብርጭቆ ደረደረ። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ጉንጭ፤ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ጊሽጣ፣ ዘይቱን፣ ሎሚ በስኳር። መፍጫው አምስት ጊዜ ጮኸ፤ ክራሯ ታፈነች፤ ግራ እጁ ግን ስልኩን አልነካም። መምህር አቮካዶውን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሄን አልፈልግም» አሉ፤ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውም ገረማቸው፤ ደገሙትም። «አልፈልግም!»

«አይፈልጉትማ!» አለ ኸድር ደስ ብሎት፣ እያነሳው።

ጊሽጣው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ሌላ ጉንጭ ጨመሩ። ጣታቸው ብርጭቆውን ጠቅ አደረገ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ዜማውን አልተከተለም፤ ምናልባት አልሰሙት ይሆናል።

በማግስቱ ዐሥር ሰዓት ላይ መምህር ገብረሕይወት በሩ ላይ ሲታዩ የኸድር እጅ ጊሽጣው ላይ ነበር፤ አፉም «እንደተ…» ብሎ ጀምሮ ነበር። ምላሱን ነከሰ። እጁን በፎጣ ጠረገና ሄዶ አጠገባቸው ቆመ።

«ዛሬስ ምን ልታዘዝ?» አላቸው።